«ወጥተሽ ግቢ»፦ ለሥራ ውጭ አገር የምትሄድ ዘመድ መሸኛና መቀበያ መልእክት አጻጻፍ

የእህቴ ልጅ ለሁለት ዓመት ኮንትራት ሪያድ ስትሄድ ከዘመድ ሁሉ መልእክት ደርሷት ነበር። አብዛኛው ግን ተበላሽቷል። አንዱ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ላከ። አንዷ ከኢንተርኔት የገለበጠችውን «መንገድህን ያቅናልህ» ብላ ለሴት ልጅ ላከች። ሌላው ምርቃቱን ጀምሮ ስልክ በማዘዝ ጨረሰ። የእኔም ቢሆን እንከን ነበረበት፣ እደርስበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ያለ ዘመድ ሁሉ «ጻፊልኝ» እያለ ወደ እኔ ይመጣል። በተራ ላስቀምጠው። ለሴት እንደሚጻፍ አድርጌ ነው የማሳየው፤ ለወንድና ለትልቅ ሰው የሚቀየረውን መሐል ላይ ታገኙታላችሁ።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን አጣሩ

ከቃሉ በላይ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። ቲኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የእኛዋ ቲኬት ላይ `12MAR 03:15` ይላል። ግማሹ ቤተሰብ «12 ቀን፣ 3፡15» ብሎ ያዘው። አጎቷ ደግሞ ከጠዋቱ 3፡15 መስሎት ጠዋት ሊደውልላት ተዘጋጀ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ማርች 12 መጋቢት 3 ነው። 03:15 ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 9፡15 ነው። ስለዚህ በረራው ለመጋቢት 3 አጥቢያ ነው፤ ማለትም መጋቢት 2 መሽቶ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማ መድረስ ስላለባት ከሌሊቱ 6፡15 እዚያ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መጋቢት 2 ጠዋት መኪና መያዝ አለባት። ከመንዝ የምትነሳ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን አስቀድማ ደብረ ብርሃን ትደር።

እንግዲህ መልእክቱ የሚላከው መጋቢት 1 ማታ ነው። ሻንጣው ታስሮ፣ ጎረቤት ተበትኖ፣ ብቻዋን ስልኳን የምታይበት ሰዓት እሱ ነው። በጉዞዋ ቀን የላካችሁት በደላላና በኤጀንሲ ጥሪ መሐል ይጠፋል። ኤርፖርት በር ላይ እሰጣታለሁ ብላችሁም አትተማመኑ። ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ስንብቱ በግፊያ ነው የሚያልቀው።

*ካመለጣችሁ፦* ያመለጠውን ምርቃት ዘግይታችሁ አትላኩ። ደርሳ እስክትደውል ጠብቁና «እንኳን በሰላም ገባሽ» በሉ። ለደረሰ ሰው «በሰላም ያድርስሽ» ማለት ያስቃል።

2. ማን እንደሆናችሁ ወስኑ

ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እናት፣ አባት፣ አክስት፣ አጎት፣ አያት «ልጄ» ብለው እንደልባቸው ይመርቃሉ። ታናሽ ወንድም ግን ለእህቱ የሽማግሌ ምርቃት ቢደረድር ጨዋታ ይመስላል። እሱ የሚሻለው «እትዬ፣ በሰላም ያድርስሽ። ደርሰሽ ድምፅሽን አሰሚን» ብሎ ማቆም ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ከዚያ በቤት ስሟ ጥሯት። ፓስፖርት ላይ ያለውን ሙሉ ስም ኤጀንሲውም ይጠራታል። እኛ ቤት «ሚጣዬ» ነው የምንላት።

አድራሹን ከቀየራችሁ ደግሞ ግሡ ሁሉ አብሮ ይቀየር። ለወንድ «አምላክ ይከተልህ፣ ወጥተህ ግባ»፣ ለሴት «አምላክ ይከተልሽ፣ ወጥተሽ ግቢ»፣ ለትልቅ ሰው «አምላክ ይከተልዎ፣ ወጥተው ይግቡ» ነው። ከሌላ ሰው የገለበጣችሁ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቃል መጨረሻ ብቻ እየነካችሁ አንብቡ። «ህ» ሦስት ቦታ ተስተካክሎ አራተኛው ላይ ይቀራል፤ ሁሌም አራተኛው ላይ ነው።

3. ምርቃቱን ጻፉ

«መልካም ጉዞ» ብላችሁ አትጀምሩ። እሱ ከተማ መውጫ ላይ የሚለጠፍ ቃል ነው። «በሰላም እንድትደርሺ እመኛለሁ»ም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸታል። ምርቃት ፈጣሪን ነው የሚያዘው፤ ግሡም እንደዚያው ይቆማል፦ ይከተልሽ፣ ያድርስሽ፣ ይጠብቅሽ፣ ይመልስሽ።

ከአራት ወይም ከአምስት አይብለጥ። ቅደም ተከተሉ መንገዱን ይከተል፦ መጀመሪያ ጉዞው፣ ቀጥሎ የምትገባበት ቤት፣ መጨረሻ መመለሷ። በመመለስ ያላለቀ ምርቃት ጎዶሎ ነው። እዚህ አገር «ወጥቶ መቅረት» የሚባል ፍርሃት አለ፤ የእናትየዋ ሆድ የሚረጋው «ወጥተሽ ግቢ» የሚለውን ስትሰማ ነው።

«ያግባሽ» የሚለውን ብቻውን አትተዉት። «በሰላም ያግባሽ» በሉ። አጎቷ «አምላክ ያግባሽ» ብሎ ላከ፤ ልጅቷ «ማንን?» ብላ መለሰችለት።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያላችሁ ሙስሊም ዘመዶች «አላህ ይከተልሽ፣ በሰላም ያግባሽ» ትላላችሁ። ቤተሰቡ የተቀላቀለ ከሆነና መልእክቱ የጋራ ከሆነ «ፈጣሪ» ሁሉንም ያስማማል።

4. አንድ ትዝታ፣ አንድ በር

ከምርቃቱ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ጨምሩ። አንዱ የእናንተና የእሷ ብቻ የሆነ ትንሽ ትዝታ ነው። የሚያስቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያስለቅሰውን እናቷ ታደርሰዋለች።

ሁለተኛው የመመለሻ በር ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በግልጽ ጻፉት፦ ባይመችሽ፣ ባዶ እጅሽን ብትመጪም ቤትሽ ነው። ብዙዎቹ ልጆች በደል እየደረሰባቸው የሚቆዩት «ምን ይዤ እመለሳለሁ» ብለው ነው። ተጽፎ ስልኳ ላይ ያለ ቃል በክፉ ቀን ይነበባል።

የእኔ መልእክት ይህ ነበር፦

> ሚጣዬ፣
> አምላክ ይከተልሽ። መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። ከደግ ሰው ይጣልሽ። ክፉ አይንካሽ። ወጥተሽ ግቢ።
> ኅዳር ላይ በውርጭ ወተት ስልክሽ «ጆሮዬ ወደቀ» ብለሽ ከመንገድ የተመለስሽው ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። የሪያድ ሙቀት ሲያቃጥልሽ ያን ውርጭ አስቢው።
> ቢመችሽ እሰየው። ባይመችሽ ባዶ እጅሽንም ብትመጪ ቤትሽ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም።
> እማማ መርቃሻለች። ድምፅዋን ልኬልሻለሁ።
> አክስትሽ

*የሚወጣ ነገር፦* መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ «እንዳትረሺን» የሚል ነበረበት። አወጣሁት። እኛ ናፍቆት ብለን እንጽፈዋለን፤ እሷ ግን «ብር ላኪ» ብላ ታነበዋለች። የዕዳ ነገር፣ የስልክ ማዘዝ፣ ያያችሁት ሕልም፣ ጎረቤት አገር ላይ ስለደረሰ ክፉ ወሬ፣ ይህ ሁሉ ይውጣ። ምክር ካላችሁ ከሳምንት በፊት በአካል ንገሯት።

ፌስቡክ ላይም አትለጥፉት፤ ቢያንስ ደርሳ እስክትደውል ድረስ። ሰነድ ጎደለ ተብሎ ከኤርፖርት የሚመለስ ሰው አለ። አገር ሙሉ ከሸኛት በኋላ ተመልሳ ሰፈር መግባት ከባድ ነው።

*በረራው ቢሰረዝ ወይም ብትመለስ፦* ምርቃቱን እንደገና አትላኩ። «ለበጎ ነው። ቀን አለው። ነይ ቡና ተፈልቷል» ይበቃል። ሁለተኛ ስትሄድ የመጀመሪያው መልእክት አሁንም እጇ ላይ ነው፤ «ያው ያልኩሽ ነው፣ ወጥተሽ ግቢ» በሏት።

5. በሦስት መንገድ አድርሱ

ድምፅ፣ ወረቀት፣ አጭር መልእክት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርሳል።

*ድምፁ።* የአያትን ምርቃት ቤት ውስጥ ቅረጹ፤ ደጅ የደጋው ንፋስ ይበላዋል። ስልኩን በክንድ ርቀት ያዙ። ሁለትና ሦስት ሰው አጠገብ ይሁን፤ «አሜን» የሚል ከሌለ ምርቃት አይወጣም። ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። እኛ ስንቀርጽ አያቷ እማማ በሦስተኛው ቃል ላይ አለቀሰች። አቆምን። ውኃ ጠጣች፣ ሌላ ወሬ አወራን፣ ከዚያ ራሷ «አሜን በሉ» ብላ ጀመረች። ያ ነው የተላከው። እንትፍ እንትፏም ይሰማል፤ እሱን እንዳትቆርጡት።

*ወረቀቱ።* አንዳንድ አሠሪ ስልክ ይቀማል። ስለዚህ መልእክቱን በእጅ ጻፉና በእጅ ቦርሳዋ ክተቱ እንጂ በሶና ድርቆሽ ካለበት ሻንጣ ጋር አታስሩት። ከጀርባው የሦስት ሰው ስልክ ቁጥር ይኑር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ከውጭ ሲደወል በ09 አይጀመርም። መጀመሪያ ያለው 0 ይወጣና በ`+251` ይተካል፤ ማለትም `+2519` ብሎ የቀረው ቁጥር ይቀጥላል። ከመሄዷ በፊት ቁጥሩን ቁጠሩት፤ ከ`+251` በኋላ 9 አሃዝ መኖር አለበት።

*አጭሩ መልእክት።* ስልክ ከመዝጋቷ በፊት ኢንተርኔት ላይኖራት ይችላል። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት በአንዱ 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ካለፈ ይከፈላል፣ አንዱ ቁራጭ ቀድሞ ሌላው ሊዘገይም ይችላል። ይህኛው 46 ነው፦

> ሚጣዬ፣ አምላክ ይከተልሽ። ወጥተሽ ግቢ። ስትደርሺ «ደረስኩ» ብቻ በይን።

6. ዝም ስትል

ሳዑዲና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ቤይሩት በእነሱ ክረምት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ በበጋቸው እኩል ይሆናል። ስለዚህ ዝምታው ከሰዓት ልዩነት አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሲም ካርድ ላይኖራት ይችላል፤ የቤቱ ኢንተርኔትም የሚሰጣት አሠሪዋ ከፈቀደች ነው። አንድ መልእክት ላኩ፦ «ሚጣዬ፣ ደህና ነን። ስትችይ ድምፅሽን አሰሚን።» ከዚያ ጠብቁ። «ምነው? ምነው?» እያሉ ሃያ መልእክት ማዥጎድጎድ ስልኩን ከያዘው ሰው ጋር ያጣላታል። ሳምንት ካለፈ ግን በመልእክት አትቆዩ። ወደ ላካት ኤጀንሲ የኮንትራቷን ቅጂ ይዛችሁ በአካል ሂዱ። ቅጂውን ከመሄዷ በፊት ፎቶ ማንሳት የናንተ ሥራ ነው። ረመዳን ላይ ደግሞ ሥራው ሌሊትም ስለሆነ ዝምታው ይረዝማል፤ ያኔ አትደንግጡ።

7. የመቀበያው መልእክት

የሚላከው መሬት ከረገጠች በኋላ ነው። «እየመጣሽ ነው አሉ» አትበሉ፤ የመውጫ ወረቀት በመጨረሻው ቀን ሊያስቸግር ይችላል።

አከፋፈቱ «እንኳን በሰላም መጣሽ» ወይም «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ነው። እሷ «እንኳን ደህና ቆያችሁ» ትላለች። ከዚያ የሸኛችሁበትን ቃል መልሱላት፦ «ወጥተሽ ግቢ ብዬሽ ነበር፤ ገባሽ፣ ተመስገን።» ለዚህ ነው የመጀመሪያውን መልእክት አታጥፉት የምለው። «ከሳሽ»፣ «ጠቆርሽ»፣ «ምን ይዘሽ መጣሽ» አይጻፍም።

*ሳትጨርስ ከተመለሰች፦* «እንኳን ደስ ያለሽ» አይሆንም፤ «ምነው ቶሎ» ደግሞ ጭራሽ። «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ነይ፣ አልጋሽ ተነጥፏል» በሉና ዝም በሉ። የምትነግራችሁ ካላት በራሷ ጊዜ ትነግራችኋለች።

8. መርዶ የተደበቀባት ከሆነ

የእኔ እንከን ያለው እዚህ ነው። በሁለተኛው ዓመቷ እማማ አረፈች። ቤተሰቡ «በሰው አገር ብቻዋን አትስማ» ብሎ ደበቃት። ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ ይነገራት ባይ ነበርኩ፣ ተሸነፍኩ። መልእክት የሚጽፍ ሰው ግን ብቻውን መወሰን አይችልም።

ስትመጣ ታዲያ በልማድ «ሁላችንም ናፍቀንሻል፣ እማማም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ነው የጻፈው። ወንድሜ ከትከሻዬ በላይ አይቶ ስልኩን ቀማኝ።

እንዲህ አድርጉ፦

በመልእክቱ ውስጥ ማንንም በስም አትቁጠሩ። «ቤት ያለን ሁሉ እንጠብቅሻለን» በሉ። ይህ ውሸት የለበትም።

ከመምጣቷ ከሁለት ሳምንት በፊት የዘመዱን ሁሉ የፕሮፋይል ፎቶ እዩ። የሟች ፎቶ ከሻማ ጋር የለጠፈ አንድ የአጎት ልጅ አይጠፋም። የቤተሰብ ግሩፕ ካለ እሷ ከመግባቷ በፊት አሮጌውን ተዉትና አዲስ ክፈቱ። ጥቁር የለበሰ ሰው ኤርፖርት አይሂድ።

በጽሑፍ «እማማ ደህና ናት?» ብላ ከጠየቀች «ደህና ናት» ብላችሁ አትጻፉ። በቃል የተባለ ይረሳል፣ የተጻፈው ግን ስልኳ ላይ ይቀራል። ከመርዶው በኋላ ወደ ኋላ እየሄደች ታነበዋለች፤ ቂሙም ያኔ ይመጣል። ጥያቄውን ሳትመልሱ፣ ይደበቅ ብሎ የወሰነውን ሽማግሌ ወዲያው ደውሎ እንዲያነጋግራት አድርጉ።

መርዶው ማለዳ፣ ቤት ውስጥ፣ በሽማግሌ ይነገራል። በስልክ አይደለም። በዚያን ቀን «እግዜር ያፅናሽ» የሚለውን መልእክት የሚልክ ዘመድ ሰዓቱን ደውሎ ይጠይቅ። ከሽማግሌው ቀድሞ የገባ ማጽናኛ መርዶ ሆኖ ያርፋል።

9. የድምፁን ቅጂ እናንተም ዘንድ አስቀሩ

ከለቅሶው አራተኛ ቀን በኋላ ሚጣ ቤቴ መጣች። ወረቀቱ በአራት ታጥፎ ጠርዙ አልቆ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ስልኳ ግን ሪያድ ቀርቷል፤ በመጀመሪያው ዓመት ተሰብሮ ነው አሉ። «ያ የእማማ ድምፅ አለሽ?» አለችኝ።

እኔም ስልክ ቀይሬ ነበር። ኢሞ ላይ ፈለግሁ፣ የለም። ሁለታችንም ተስፋ ቆርጠን ሳለ ያን ቀን «አሜን» ይል የነበረው ወንድሜ ሜሞሪ ካርዱ ላይ አስቀምጦት ተገኘ። ስለዚህ የተቀረጸውን ድምፅ የዚያኑ ዕለት ለሁለት ሌላ ሰው ላኩ፣ አንዱም ሜሞሪ ካርድ ላይ ይገልብጠው። ፋይሉን በስሟና በቀኑ ሰይሙት። የእኛ «ድምፅ 14» ስለሚል ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን።